የበላሁት ወዴት ይሄዳል?

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት መነሻው የፊዚክስ መጽሐፍ ሳይሆን አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው የ21 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን፣ የጻፈውም ለአንድ ሐኪም ነው። ሐኪሙ የቆየ ወዳጃችን ስለሆኑ የወጣቱን ፈቃድ ጠይቀውና ስሙን ሸፍነው፣ «ይህ ጥያቄ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ ደግሞ የእናንተ የፊዚክስ ሰዎች ነው» ሲሉ ደብዳቤውን ሰጡን። ዋናው ክፍል እንዲህ ይላል፦

«ይድረስ ለተከበሩ ዶክተር። ቁመቴ 1 ሜትር ከ76 ሲሆን ክብደቴ 54 ኪሎ ነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት ከዚህ ቁጥር ፈቅ አላልኩም። ምግብ የማልበላ ሆኜ አይደለም። በቀን ሦስት ጊዜ እበላለሁ፤ ከጓደኞቼ ጋር ማዕድ ስንቀርብ ከትሪው መጨረሻ የምነሣው እኔ ነኝ። እናቴ የሆድ ትል ነው ብላ ኮሶ ጠጣ ትለኛለች። ጓደኞቼ ‹አንተንማ ምግቡ ዝም ብሎ ያልፍሃል› እያሉ ይቀልዱብኛል። በቅርቡ ደግሞ አንድ ሰው በወር ውስጥ የሚያወፍር ኪኒን እንዳለው ነግሮኝ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ከመግዛቴ በፊት ግን እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው። የምበላው ምግብ ወዴት ነው የሚሄደው?»

የመጨረሻዋ ጥያቄ እውነተኛ የፊዚክስ ጥያቄ ናት። ኢነርጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋም ብለን እናስተምራለን። ታዲያ አንድ ሰው በርትቶ እየበላ ክብደቱ ካልጨመረ የገባው ኢነርጂ የት ደረሰ? መልሱን ደረጃ በደረጃ እንከተል።

የሐኪሙ ድርሻ

ሐኪሙ ወጣቱን በአካል አስጠርተው በመጀመሪያ የጠየቁት፣ «ክብደትህ ባለበት ቆሟል ወይስ እየቀነሰ ነው?» ብለው ነው። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ለዓመታት ባለበት የቆመ ክብደት የገቢና የወጪ ሚዛን ምልክት ሲሆን፣ እየበሉ የሚቀንስ ክብደት ግን ብዙውን ጊዜ የበሽታ ምልክት ነው።

ቀጥለውም በየተራ ጠየቁት። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ አለህን? እነዚህ ሳንባ ነቀርሳን ያስጠረጥራሉ። ውሃ ጥም ይበዛብሃል፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግመህ ትነሣለህን? ይህ የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ በሽታ ስኳሩ ሥራ ላይ ሳይውል በሽንት ይወጣል። ልብህ ይመታል፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀት አልችል ይልሃል? እንዲህ ከሆነ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሆርሞን እያመነጨ ሊሆን ይችላል። ሰገራህስ ቅባት የበዛበትና ቶሎ ቶሎ የሚያስወጣ ነው? ይህ አንጀት ምግቡን በሚገባ እንዳልመጠጠ ያሳያል። የሰገራ፣ የደም ስኳር፣ የእንቅርት ሆርሞንና የኤች አይ ቪ ምርመራም አዘዙ። በወጣቱ ላይ አንድም ምልክት አልተገኘም፤ ምርመራውም ሁሉ ንጹህ ሆነ። የሆድ ትል ስላልተገኘ ኮሶውም ቀረ።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ እንኳ ያለበት አንባቢ ከዚህ በታች ያለውን ሂሳብ ከመሥራቱ በፊት ወደ ሐኪም ይሂድ። ቀጣዩ ትንታኔ የሚሠራው የሐኪሙ በር ከታለፈ በኋላ ነው።

በአፍ ገብቶ በአፍንጫ የሚወጣው

የጓደኞቹን ቀልድ በቅድሚያ እንመርምር። ምግቡ በእውነት «ዝም ብሎ ያልፋል»? ጤናማ አንጀት ከተለመደ ምግብ ውስጥ ከሚገኘው ኢነርጂ ከመቶ 95 እጅ ያህሉን ይመጥጣል፤ በሰገራ የሚወጣው ጥቂት ነው። ስለዚህ የቀጭኑና የወፍራሙ ጓደኛ ልዩነት ከአንጀት የሚመነጭ አይደለም።

እውነተኛውን መውጫ በር ያሳዩን ፈረንሳውያኑ ላቮዋዚየና ላፕላስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ መጀመሪያ ጊኒ ፒግ የተባለችውን ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀመጡ። የሰውነቷ ሙቀት ምን ያህል በረዶ እንዳቀለጠ ለኩ፤ ያስተነፈሰችውንም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለኩ። ከዚያም ውጤቱን ከሚነድ ከሰል ጋር ሲያነጻጽሩት ተቀራራቢ ሆኖ አገኙት። ከዚህም በመነሣት መተንፈስ ማለት ነበልባል የሌለው ዝግ ያለ መቃጠል ነው ሲሉ ደመደሙ።

ይህን በወጣታችን ላይ እንተግብረው። በኋላ እንደምናየው በቀን የሚያወጣው ኢነርጂ 2600 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። አንድ ሊትር ኦክስጅን ምግብ ሲያቃጥል ወደ 5 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ኢነርጂ ይሰጣል። በመሆኑም ወጣቱ በቀን 530 ሊትር ያህል ኦክስጅን ይጠቀማል፣ 900 ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያስወጣል። በዚህ ጋዝ ውስጥ 250 ግራም ያህል ካርቦን አለ። ይህ ካርቦን ትናንት በእንጀራው፣ በሽሮውና በዘይቱ ውስጥ የነበረው ነው። እንግዲህ የጥያቄው የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው፤ በአፍ የገባው ምግብ አብዛኛው በአፍንጫ ይወጣል፤ ተቃጥሎ፣ ሥራ ሠርቶና ሙቀት ሰጥቶ።

2600 ኪሎ ካሎሪ በምን ላይ ይውላል?

የወጣቱን ወጪ በአራት ከፍለን እንየው። ትልቁ ድርሻ አልጋ ላይ ተኝቶ ሳለ እንኳ ልብን ለማስመታት፣ አንጎልን ለማሠራትና ሙቀትን ለመጠበቅ የሚወጣው ነው። በዕድሜው፣ በቁመቱና በክብደቱ ሲሰላ በቀን 1500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሆናል። ይህ ሲካፈል 73 ዋት ገደማ ይመጣል፤ አንድ መካከለኛ የድሮ አምፖል ቀንና ሌሊት ሲበራ እንደማለት ነው።

ሁለተኛው የመንገድ ወጪ ነው። ወጣቱ ከቤቱ ወደ ግቢ ደርሶ መልስ 10 ኪሎ ሜትር በእግሩ ይጓዛል። በሜዳማ መንገድ የሚራመድ ሰው ከዕረፍት ወጪው በላይ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ ግራም ግማሽ ኪሎ ካሎሪ ያህል ያወጣል። ይህም 54 × 10 × 0.5 = 270 ኪሎ ካሎሪ ነው። ሦስተኛው ምግቡን ለመፍጨትና ለማዋሃድ የሚወጣው ሲሆን፣ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 260 ያህል ነው። የቀረው 570 ደግሞ ለመቆም፣ ልብስ ለማጠብ፣ ኳስ ለመጫወትና ለልዩ ልዩ እንቅስቃሴ ይውላል። ድምሩ 2600 ይሆናል።

ሆድ ሊትር እንጂ ካሎሪ አይቆጥርም

አሁን ወደ ገቢው እንሻገር። ወጣቱ «በደንብ እበላለሁ» ሲል አልዋሸም፤ ነገር ግን የለካበት መሣሪያ ሆዱ ነው። ሆድ መሙላቱን የሚያውቀው በዋነኛነት በመወጠሩ ነው። ስለዚህ የሚለካው ከኢነርጂ ይልቅ ይዘትን ነው።

በሐኪሙ ምክር ወጣቱ የወጥ ቤት ሚዛን ተውሶ ለአንድ ሳምንት የበላውን ሁሉ መዝኖ ጻፈ። አንድ ምሳውን እንመልከት። እንጀራው 400 ግራም፣ ሽሮ ወጡ 250 ግራም፣ አብሮ የጠጣው ውሃ 500 ግራም ነው። በድምሩ ሆዱ ውስጥ የገባው 1150 ግራም ነው። እንጀራ ከመቶ 60 እጅ ያህሉ ውሃ ስለሆነ 100 ግራሙ 150 ኪሎ ካሎሪ ያህል ብቻ ይሰጣል፤ ስለዚህ ከእንጀራው 600 ያህል ተገኘ። ሽሮ ወጡ 40 ግራም ያህል ዱቄትና 15 ግራም ዘይት ሲኖረው የቀረው አብዛኛው ውሃ ነው፤ ከእርሱም 300 የሚጠጋ ተገኘ። ጠቅላላው 900 ኪሎ ካሎሪ ነው። ከ1150 ግራሙ ውስጥ ግን ደረቁ ምግብ ከ220 ግራም አይበልጥም፤ የቀረው ውሃ ነው።

በዚህ ምሳ ውስጥ የዘይቷን ድርሻ ልብ በሉ። ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ የማትሞላው 15 ግራም ዘይት 135 ኪሎ ካሎሪ፣ ማለትም ከምሳው ኢነርጂ ከመቶ 15 እጁን አመጣች። ምክንያቱም አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን 4 ያህል ብቻ ይሰጣል፤ ውሃ ግን ምንም አይሰጥም። ሁለት ሰዎች ከአንድ ትሪ እኩል ጠግበው ተነሥተው፣ አንዱ በዘይት ከራሰው በኩል፣ ሌላው ከእንጀራው ዳር ዳር የበላ ከሆነ የኢነርጂ ገቢያቸው በእጅጉ ይለያያል።

ሰባቱ ቀናት

የወጣቱ መዝገብ ሌላም ነገር አሳየን። ከሳምንቱ አራቱ ተራ ቀናት ናቸው። በእነዚህ ቀናት ቁርሱ ዳቦና ሁለት ብርጭቆ ሻይ በስኳር (450)፣ ምሳና እራቱ ከላይ እንዳየነው (900 እና 900)፣ በመካከል ደግሞ ሁለት ሙዝና አንድ እፍኝ ቆሎ (450) ነው። ድምሩ 2700 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። እሑድ ቤተሰቡ ዘንድ ሲውል በቅቤ የተሠራ ወጥና ሥጋ ስለሚበላ 3600 ይደርሳል። ረቡዕና ዓርብ ግን ይጾማል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምስም፤ በቀረው ጊዜም የሚበላው 1900 ያህል ነው።

አማካዩን እናውጣ፦

(4 × 2700 + 1 × 3600 + 2 × 1900) ÷ 7 = 2600

ገቢው በትክክል ከወጪው ጋር እኩል ሆነ። ክብደቱ ለሦስት ዓመት የቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ለሐኪሙ «በደንብ እበላለሁ» ብሎ ሲጽፍ በልቡ የነበረው የእሑዱ ማዕድ ነው። ሰውነት ግን የሚያየው የሳምንቱን አማካይ ነው፤ የእሑዱ ትርፍ በረቡዕና በዓርብ ተመልሶ ይከፈላል።

አሥራ ስድስቱ ሰዎች

አንባቢ እዚህ ላይ እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፦ «ይህ ሁሉ የአበላል ጉዳይ ብቻ ከሆነ፣ እኩል እየበሉ እኩል የማይወፍሩ ሰዎች እንዴት ሊኖሩ ቻሉ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሙከራም ተመርምሯል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ጄምስ ሌቪንና ባልደረቦቹ 16 ከመጠን በላይ ያልወፈሩ ፈቃደኞችን ለ8 ሳምንታት በየቀኑ ከሚያስፈልጋቸው በላይ 1000 ኪሎ ካሎሪ መገቧቸው። ሁሉም እኩል ትርፍ በልተው ሳለ፣ የጨመሩት ስብ ከአንዱ ሰው 0.36 ኪሎ ግራም እስከ ሌላው 4.23 ኪሎ ግራም ተለያየ።

ልዩነቱን በአብዛኛው ያብራራው ስፖርት አልነበረም። ሰዎቹ ሳያውቁት የሚያደርጉት ጥቃቅን እንቅስቃሴ ነበር፤ ቁጭ ብሎ እግርን ማወዛወዝ፣ መነሣት፣ መንጎራደድ፣ አቋምን መለዋወጥ። ከመጠን በላይ መብላት ሲጀምሩ ይህ ወጪ በአንዳንዶች ላይ በቀን እስከ 692 ኪሎ ካሎሪ አደገ፤ በአንዳንዶች ላይ ግን ምንም አልጨመረም፣ እንዲያውም ጥቂት የቀነሰበት ነበረ። እንግዲህ «ተፈጥሮዬ ነው» የሚለው አነጋገር ፍጹም ከንቱ አይደለም። የማይወፍረው ሰው የኢነርጂን ሕግ የጣሰ ሳይሆን፣ ገቢው ሲጨምር ወጪው ሳይታወቀው አብሮ የሚጨምርበት ሰው ነው።

ሽንቁር ያለው በርሜል

ሐኪሙና ወጣቱ ሁለት ለውጦች ለማድረግ ተስማሙ። ጾሙን እንደያዘ፣ በረቡዕና በዓርብ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በሚበላው ላይ ዘይት የበዛበት ሽሮና ለውዝ ጨምሮ 1900ውን ወደ 2600 ማድረስ፤ በቀሩት አምስት ቀናት ደግሞ በቀን 40 ግራም ለውዝ መጨመር ነው። አርባ ግራም ለውዝ እፍኝ አይሞላም፤ ነገር ግን 225 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው። ከሳምንቱ ሲካፈል አማካይ ጭማሪው 360 ኪሎ ካሎሪ በቀን ይሆናል። ከዚህም ጋር የሚጨምረው ክብደት ስብ ብቻ እንዳይሆን በሳምንት ሦስት ቀን እንደ ፑሽ አፕ ያሉ የጡንቻ ልምምዶች አዘዙለት።

ወጣቱ ቸኩሎ እንዲህ ሲል አሰላ፦ «አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7700 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። በ12 ሳምንት 84 ቀን ስለሚኖር 84 × 360 ÷ 7700 = 3.9 ኪሎ እጨምራለሁ። በዓመት ደግሞ 17 ኪሎ!» ይህ ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱበት ሂሳብ ነው። ስሕተቱ ወጪውን ቋሚ አድርጎ መያዙ ላይ ነው።

ከሥሩ ሽንቁር ያለው በርሜል እናስብ። ከላይ ውሃ ይቀዳበታል፤ በሽንቁሩ ይፈሳል። ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ ስለሚጨምር የሚፈሰውም ይበዛል። የቧንቧውን ውሃ ጥቂት ብንጨምር በርሜሉ ያለ ገደብ እየሞላ አይሄድም፤ ከፍታው ቀስ በቀስ ጨምሮ፣ መውጫው ከመግቢያው ጋር እኩል በሆነበት አዲስ ከፍታ ላይ ይቆማል። ሰውነትም እንዲሁ ነው። የጨመረው ሕብረ ሕዋስ ራሱ ይመገባል፤ የከበደው ሰው ያንኑ 10 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የበለጠ ያወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ ይህን በሂሳብ ሞዴል ሠርተው ለአዋቂዎች አንድ ቀላል ግምት አቀረቡ፦ የዕለት ገቢ በ100 ኪሎ ጁል (24 ኪሎ ካሎሪ) በቋሚነት ቢለወጥ ክብደት በመጨረሻ በ1 ኪሎ ግራም ያህል ይለወጣል፤ ግማሹ ለውጥ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከመቶ 95 እጁ በሦስት ዓመት ውስጥ ይደርሳል። ግምቱ በይበልጥ የተሠራው ክብደታቸው ለበዛ ሰዎች ስለሆነ ለቀጭን ሰው እንደ መጠነኛ መመሪያ ብቻ ይወሰድ። በእኛ ጉዳይ 360 ሲካፈል ለ24፣ 15 ኪሎ ይሆናል። በ12 ሳምንት ውስጥ ከዚህ የሚጠበቀው 2.2 ኪሎ ያህል ነው።

የቀረው የአለካክ ችግር ነው። ወጣቱ ቀድሞ የሚመዘነው መንገድ ዳር፣ ዛሬ በአንዱ፣ በሌላ ጊዜ በሌላው ሚዛን፣ ልብሱንና ጫማውን እንዳደረገ ነበር። አንድ ሊትር ውሃ መጠጣት ብቻ ክብደትን በአንድ ኪሎ ይጨምራል። የምንፈልገው ለውጥ ግን በሳምንት 200 ግራም ያህል ነው፤ በእንዲህ ያለ ልኬት ተውጦ ይጠፋል። ስለዚህ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ምንም ሳይቀምስ በየቀኑ እንዲመዘንና የሰባት ቀን አማካይ እንዲይዝ ተነገረው። ከዕለት ወደ ዕለት የሚታየው መዋዠቅ 0.7 ኪሎ ቢሆን የሰባቱ አማካይ መዋዠቅ በካሬ ሥር 7 ተካፍሎ ወደ 0.26 ይወርዳል።

ከ12 ሳምንት በኋላ አማካዩ 56.1 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ጭማሪው 2.1 ኪሎ ነው፤ ከራሱ ስሌት ያነሰ፣ ከበርሜሉ ስሌት ጋር ግን የተቀራረበ። የመጀመሪያውን ስሌት ብቻ ይዞ ቢሆን ኖሮ «አሁንም አልሠራልኝም» ብሎ ወደ ኪኒኑ ሻጭ በሄደ ነበር።

ስለ ኪኒኑ

በድብቅ «ያወፍራሉ» ተብለው ከሚሸጡት መድኃኒቶች መካከል ዴክሳሜታዞን የመሰሉ ስቴሮይዶች ይገኛሉ። እነዚህ በእርግጥ ፊትን ያሳብጣሉ፣ የምግብ ፍላጎትንም ይጨምራሉ። ነገር ግን ጡንቻን ይበላሉ፣ አጥንትን ያሳሳሉ፣ የደም ስኳርንም ያስነሣሉ። ለረጅም ጊዜ ከተወሰዱ በኋላ በድንገት ሲቋረጡ፣ የገዛ ሆርሞኑን ማመንጨት ያቆመው ሰውነት ለሞት በሚያሰጋ ችግር ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሚዛኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ይጨምራል፤ ግን የምን ክብደት እንደሆነ ሚዛን አይናገርም። ወጣቱ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለውዝና ዘይት ገዛበት።

ለመለማመጃ

1. ወጣቱ በቀን 2600 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል። አንድ ኪሎ ካሎሪ 4184 ጁል ከሆነ አማካይ ኃይሉ በዋት ስንት ነው?

2. ክብደቱ 60 ኪሎ ሲደርስ ያንኑ 10 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ስንት ኪሎ ካሎሪ ያወጣል? ከ270 ጋር ያለው ልዩነት የበርሜሉን ምሳሌ እንዴት ይደግፋል?

3. አንድ ሰው ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ሌሎቹን ቀናት ብቻ መዝግቦ አማካይ ቢያወጣ፣ በእኛ ወጣት መዝገብ ስንት ያገኝ ነበር? ከዚህስ ምን የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ ይደርስ ነበር?